ሸክላ ድስት ሳይሰነጠቅ፣ የሚያብለጨልጨው ዕቃ እርሳስ ሳያበላን፦ ከምርጫ እስከ ምድጃ

ሁለት ስህተት ይደጋገማል። አንደኛው የታወቀ ነው፤ አዲስ የሸክላ ድስት ገና በመጀመሪያው ሽሮ ጧ ብሎ ይሰነጠቃል። ሁለተኛው ግን ይብሳል። «ሸክላ ውስጥ እርሳስ አለ» የሚል ወሬ የሰማ ሰው ከአገር ቤት የመጣለትን ጥቁር ድስት ይጥላል። ሎሚ የተጨመቀበትን ሰላጣ ግን በሚያብለጨልጭ ባለ ቀለም ጎድጓዳ ሳህን ማቅረቡን ይቀጥላል። መጠርጠር የነበረበትን ትቶ፣ ብዙም የማያሰጋውን ጣለ ማለት ነው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ይያዝ። ዋናው ስጋት የሚመጣው ከአፈሩ ሳይሆን አፈሩ ላይ ከሚቀባው እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ሽፋን ነው። ባለሙያዎቹ ግሌዝ ይሉታል። ግሌዝ ዱቄት ሆኖ ይቀባና እቶን ውስጥ ቀልጦ መስታወት ይሆናል። እርሳስ (ሊድ የሚባለው ብረት፣ የምንጽፍበት አይደለም) የሚጨመርበት በዝቅተኛ ሙቀት እንዲቀልጥና ደምቆ እንዲያብረቀርቅ ነው። አቀማመሙ ልክ ከሆነና በቂ ሙቀት ካገኘ፣ እርሳሱ መስታወቱ ውስጥ ታስሮ ይቀራል። አቀማመሙ ከተዛባ ወይም እቶኑ በደንብ ካልጋለ ግን ኮምጣጣ ምግብ ሲነካው እየሟሟ ይወጣል። እርሳስ መርዝ ነው፤ ግን ሽታ የለውም፣ ጣዕም የለውም፣ ወጡን አያጠቁርም። ብረት ስለሆነ በማፍላትም አይጠፋም።

## ደረጃ 1፦ ዕቃዎቹን ለዩ

ቤት ያሉትን የሸክላ ዕቃዎች በሙሉ ጠረጴዛ ላይ አውጡ። ድስቱ፣ ጀበናው፣ ጣባው፣ ከገበያ የተገዛው ጎድጓዳ ሳህን፣ በስጦታ የመጣው ማሰሮ፣ አንዱም አይቅር። ከዚያ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ።

1. ውስጡን ጠብታ ውኃ አንጠባጥቡበት። ግሌዝ የሌለው ሸክላ ውኃውን ይመጠዋል፤ ቦታው ጠቆር ይላል። ግሌዝ ያለው ላይ ጠብታው ክብ እንደሆነ ይቀመጣል።
2. ዕቃው ያገለገለ ከሆነ ጠብታውን አትመኑ። ዘይት የጠጣ ድስት ውኃ አይመጥም። እንደዚህ ከሆነ ምግብ ያልነካውን የታችኛውን ቂጥ ሞክሩ፤ ቀጥሎም ውስጡን በብርሃን አዩት። የግሌዝ ብልጭታ የመስኮቱን ቅርጽ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። በድንጋይ ተፈግፍጎ የለሰለሰ ሸክላም ይወዛል፤ ግን ደብዛዛ ነው፣ የጠጠሩ መስመርም ይታያል።
3. ጥጥ በአሴቶን (የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ) ነክራችሁ ውጩን ጥረጉ። ጥጡ ላይ ቀለም ከወጣ ወይም ዕቃው ካጣበቀ፣ የተቀባው ቀለም ወይም ቫርኒሽ ነው። ይህ ግሌዝ አይደለም፤ ለእሳትም ለምግብም አልተሠራም። ለቱሪስት የሚሸጡ ያጌጡ ጀበናዎች ላይ ይህን ማየት ከባድ አይደለም። መደርደሪያ ላይ ያምራሉ፣ እዚያው ይቆዩ።

አሁን ሦስት ክምር አላችሁ። ደብዛዛውና ያልተቀባው ወደ ደረጃ 4 ይለፍ። ቀለም የተቀባው ከኩሽና ይውጣ። የሚያብለጨልጨው ወደ ደረጃ 2 ይሂድ።

ማሳሰቢያ፦ ማንኛውም አፈር ውስጥ በተፈጥሮ ጥቂት እርሳስ ሊኖር ይችላል። በኤክስሬይ የሚለካ መሣሪያ ደግሞ ዕቃው ውስጥ ያለውን ጠቅላላ መጠን ነው የሚያነበው። ወደ ምግቡ ምን ያህል እንደሚወጣ አይነግራችሁም። ስለዚህ አንድ ሰው በዚህ መሣሪያ ያገኘውን ቁጥር አይታችሁ አትደንግጡም፣ አትረጋጉም። የሚያዋጣው ቁጥር በአሲድ ተዘፍዝፎ የወጣው መጠን ነው።

## ደረጃ 2፦ የሚያብለጨልጨውን ጠይቁት

የሚከተሉት ምልክቶች ያሉበትን ዕቃ ለምግብ አትጠቀሙበት፤ ምርመራ መጠበቅም አያስፈልግም።

- ታጥቦ ሲደርቅ ግራጫ፣ ጠመኔ የመሰለ ዱቄት የሚተው።
- ግሌዙ የተላጠ፣ ያረጀ ወይም እንደ ሸረሪት ድር የተሰነጣጠቀ።
- ለጌጥ ብቻ መሆኑ የተጻፈበት ወይም ቂጡ ሆን ተብሎ የተበሳ። አሜሪካ ውስጥ ለጌጥ የተሠራ ዕቃ ላይ «Not for Food Use» የሚል ጽሑፍ ታገኛላችሁ። ይህ ቀልድ አይደለም።
- ማን እንደሠራው የማይታወቅ፣ ከመንገድ ዳር ወይም ከአሮጌ ዕቃ ሽያጭ የተገዛ፣ ደማቅ ብርቱካንማ፣ ቀይ ወይም ቢጫ ሆኖ ምግብ የሚነካው ገጹ ላይ የተቀባ። እዚህ ላይ ካድሚየም የሚባል ሌላ መርዛማ ብረትም አብሮ ሊኖር ይችላል።

«ከእርሳስ ነፃ» የሚል ወረቀት የተለጠፈበትስ? የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር (ኤፍዲኤ) ራሱ እንዲህ ተብለው የተሸጡ ባህላዊ ሸክላዎች ላይ እርሳስ እንዳገኘ አስጠንቅቋል። አንዱ ምክንያት እቶኑ ነው። ሠሪው የተጠቀመበት ግሌዝ ንጹሕ ቢሆንም፣ ከዚህ በፊት እርሳስ ያለው ግሌዝ የተተኮሰበት እቶን አዲሱን ዕቃ ሊበክለው ይችላል። ወረቀቱን እንደ ዋስትና አትቁጠሩት።

ምልክት የሌለበት፣ ታዋቂ አምራች ለምግብ ብሎ የሠራው፣ በከፍተኛ ሙቀት የተተኮሰ የፋብሪካ ዕቃ በአብዛኛው አያሳስብም። ከሥዕልና ከወርቅ ቅብ ግን ተጠንቀቁ። ሲኒ ላይ ያለው ጌጥ ብዙ ጊዜ የሚቀባው ከግሌዙ በላይ ነው፤ ሲታሽ ይለቃል። ጌጡ ከንፈር የሚነካው ጠርዝ ላይ ከሆነ ወይም ከውስጥ ከሆነ ሌላ ምረጡ።

## ደረጃ 3፦ በኪት መመርመር፣ ገደቡንም ማወቅ

የእርሳስ መመርመሪያ ኪት በውጭ አገር የቤት ዕቃ መደብሮች ይሸጣል። ጫፉ ጥጥ የሆነ ዘንግ ነው። እርሳስ ሲያገኝ አንዳንዱ ወደ ሮዝ ወይም ቀይ፣ አንዳንዱ ወደ ጥቁር ይለወጣል። የገዛችሁት የቱ እንደሆነ ማሸጊያው ላይ አንብቡ።

1. ዕቃውን በሳሙና እጠቡ፤ በደንብ አድርቁ።
2. ምግብ የሚነካውን ውስጡን ምረጡ፤ ከተቻለ ያረጀውን ወይም ጭረት ያለበትን ቦታ።
3. መመሪያው የሚለውን ያህል ጊዜ እሹ። ቶሎ አትተዉት።
4. ቀለሙ ካልተለወጠ ከኪቱ ጋር በመጣው ማረጋገጫ ወረቀት ላይ ዘንጉን ሞክሩት። እዚያም ካልተለወጠ ዘንጉ ራሱ አልሠራም ማለት ነው፤ በሌላ ድገሙ።

ቀይ ዕቃ ላይ ቀይ የሚሆን ኪት አትጠቀሙ፤ የዕቃው ቀለም ለቆ ያሳስታችኋል።

አሁን ውጤቱን አንብቡ። ቀለም ከተለወጠ ነገሩ አለቀ፤ ዕቃው ለምግብ አይሆንም። ካልተለወጠ ግን አላለቀም። ኪቶቹ በዋነኛነት የተሠሩት ለግድግዳ ቀለም ነው። ግሌዝ ውስጥ የተያዘና ቀስ እያለ የሚወጣ ትንሽ መጠን ሊያመልጣቸው ይችላል።

ሸክላ ሠሪዎች የሚያውቁት ሌላ ሙከራ አለ። የሎሚ ቁራጭ ወይም ነጭ ኮምጣጤ ግሌዙ ላይ አስቀምጣችሁ ታሳድራላችሁ። ጠዋት ቀለሙ ከደበዘዘ ወይም ብልጭታው ከጠፋ ግሌዙ አሲድ አይችልም፤ ተዉት። ካልደበዘዘ ግን ከእርሳስ ነፃ ነው ማለት አይደለም።

እርግጠኛ የሚያደርገው የላቦራቶሪ ምርመራ ብቻ ነው። ዕቃው 4 በመቶ አሴቲክ አሲድ ተሞልቶ 24 ሰዓት ይቆያል፤ ከዚያ ፈሳሹ ውስጥ ያለው እርሳስ ይለካል። የኤፍዲኤ ጣሪያ ለትልቅ ጎድጓዳ ዕቃ በሊትር 1 ሚሊግራም፣ ለስኒና ለማግ 0.5 ሚሊግራም ነው። በእኔ አስተያየት ለርካሽ ዕቃ ይህን መክፈል አያዋጣም። ከእናት የተወረሰ ካልሆነ በቀር በሌላ ተኩት።

### አንድ ምሳሌ እንይ

ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር እህት ጠረጴዛዋ ላይ ሦስት ዕቃ አስቀመጠች እንበል። ከአዲስ አበባ በሻንጣ የመጣ ጥቁር የሸክላ ድስት፤ ለጉዞ ሄዳ ከገበያ የገዛችው ቡናማ የሚያብለጨልጭ የሞሮኮ ታጂን፤ ወርቅ ጠርዝ ያላቸው ነጭ ሲኒዎች።

ድስቱ ጠብታውን መጠጠ፣ አሴቶኑም ንጹሕ ጥቁር ጥላሸት እንጂ የሚያጣብቅ ነገር አላወጣም። ወደ ማሟሸት አለፈ። ታጂኑ ላይ ጽሑፍ የለም፤ ውስጡ ቀጭን ስንጥቅ ይታያል። ኪቱን ሳታወጣ እዚሁ ላይ መቆም ትችላለች፣ ምክንያቱም ስንጥቁ ብቻውን ይበቃል። በዚያ ላይ ታጂን በሎሚና በቲማቲም ለሰዓታት የሚበስልበት ዕቃ ነው፤ አሲድም ሙቀትም ጊዜም አንድ ላይ ያገኘዋል። ሲኒዎቹ የፋብሪካ ናቸው፤ ውስጣቸው ነጭ ነው። ወርቁ ግን ከንፈር የሚነካው ላይ ነው፣ መልቀቅም ጀምሯል። ለእንግዳ ማሳያ ይሁኑ፤ ቡናው በሌላ ይቀዳ።

### የእንጀራ ሊጥ፣ ጠጅ፣ ኮምጣጤ

እዚህ ላይ ጠበቅ ልበል። ብዙ ሰው የሚያስበው ስለ ማብሰል ነው። ማስቀመጥ ግን ሊብስ ይችላል፣ ምክንያቱም አሲዱ ረጅም ጊዜ ያገኛል። የጤፍ ሊጥ ሁለት ሦስት ቀን ሲቦካ ኮምጣጣ ነው። ጠጅም ኮምጣጣ ነው። ስለዚህ ያልተመረመረ ግሌዝ ያለው ማሰሮ ውስጥ ሊጥ አታቡኩ፣ ጠጅ አትጣሉ፣ በሎሚ የታሸ ሥጋ አታሳድሩ። ለምግብ የተሠራ ፕላስቲክ፣ ስቴንለስ ወይም መስታወት ይዋል።

## ደረጃ 4፦ ደብዛዛውን ድስት ማሟሸት

የሚሰነጠቁት ድስቶች አብዛኛዎቹ የሚሰነጠቁት እዚህ ላይ በመቸኮል ነው። ሦስት ቀን ያዙ።

1. አንኳኩት። በአንድ እጅ መዳፍ ላይ ያዙትና በጣታችሁ አንጓ ምቱት። ድምፁ ጥርት ካለ ደህና ነው። ድፍን ያለ፣ የተሰበረ ድምፅ ካለው የማይታይ ስንጥቅ አለበት። ይህን ስትገዙ እዚያው ገበያው ላይ ብታደርጉት ይሻላል።
2. እጠቡና ዘፍዝፉ። በሙቅ ውኃና በብሩሽ፤ ሳሙና አይግባ፣ ሸክላው ይመጠዋልና። ከዚያ ውኃ ሞልታችሁ አሳድሩት። ውጩ ወዝ ማለቱ ችግር የለውም። አንድ ቦታ ላይ ተራ በተራ የሚንጠባጠብ ከሆነ ግን ስንጥቅ ነው።
3. አድርቁት። ሙሉ ቀን ፀሐይ ላይ፣ ካልሆነ ሁለት ቀን አየር ባለበት ተደፍቶ ይቆይ። ይህን አትዝለሉ። ግድግዳው ውስጥ የቀረ ውኃ ድንገት ሲሞቅ እንፋሎት ይሆንና ሸክላውን ከውስጥ ይፈነቅለዋል።
4. ዘይት አጠጡት። ውስጡን በስሱ የኑግ ዘይት ቀቡ። የኑግ ዘይት ሲግል እየደረቀ ስለሚጠጥር ቀዳዳዎቹን ጥሩ አድርጎ ይይዛል። ከሌለ የሱፍ ዘይት ይሠራል። ድስቱን *ቀዝቃዛ* ኦቨን ውስጥ አስገቡ፤ 150 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ አብሩት፤ ከሞቀ በኋላ አንድ ሰዓት ይቆይ። አጥፉና ኦቨኑን ሳትከፍቱ እዚያው ይቀዝቅዝ። ኦቨን ከሌለ እየበረደ ያለ የከሰል ረመጥ አጠገብ እያዟዟራችሁ አሙቁት።
5. አጥሚት አፍሉበት። ለ2 ሊትር ድስት፣ አንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት በጥብጡ። በዝቅተኛ እሳት 45 ደቂቃ ይንተክተክ። ዱቄቱ ጥቃቅን ቀዳዳዎችን ይደፍናል። ድስቱ ራሱ እስኪቀዘቅዝ ተዉት፣ ከዚያ ድፉት፣ ዳግም አድርቁት።

እናቶቻችን ምጣድን በጎመን ዘር ሲያሟሹ አይታችሁ ይሆናል። ለድስትም ያን ብታደርጉ ጉዳት የለውም፤ ዘይቱ ነው ሥራውን የሚሠራው። ቫርኒሽ፣ የእንጨት ዘይትና «ሸክላ ማሸጊያ» የሚባል ኬሚካል ግን በፍጹም።

አትሳቱ፦ ማሟሸት የሚሠራው ግሌዝ ለሌለው ሸክላ ብቻ ነው። አጠራጣሪ ግሌዝ ያለውን ዕቃ በዘይት ብታሟሹት እርሳሱን አያሽገውም። በኮምጣጤ ደጋግሞ ማፍላትም «እርሳሱን አያወጣውም»፤ እንዲያውም ግሌዙን እየበላ ለሚቀጥለው ምግብ በሩን ሊከፍት ይችላል።

## ደረጃ 5፦ የመጀመሪያው ሽሮ

1. የጋዝ ምድጃ ከሆነ እሳቱ ላይ ብረት ማከፋፈያ ሳህን አድርጉ። የኤሌክትሪክ ምድጃም እንደዚያው። ኢንዳክሽን ሸክላን አያሞቅም። ቂጡ ክብ ከሆነ እንዳይገለበጥ ጉልቻ ወይም የብረት ቀለበት ያስፈልገዋል።
2. ቀይ ሽንኩርቱን፣ ዘይቱንና ግማሽ ስኒ ውኃ አንድ ላይ *ቀዝቃዛው ድስት ውስጥ* ጨምሩ። ሽንኩርትን በደረቁ ማቁላላት የለመደ ሰው እዚህ ይታገሥ። ባዶ ሸክላ እሳት ላይ መጣድ ዋናው ሰባሪ ነው።
3. በመጨረሻው ዝቅተኛ እሳት 10 ደቂቃ አሙቁ፤ ከዚያ ወደ መካከለኛ ከፍ አድርጉ። ከዚያ በላይ አትሂዱ።
4. የምትጨምሩት ውኃ ሁልጊዜ *የፈላ* ይሁን። ሽሮውን በትንሽ ለብ ያለ ውኃ በጥብጣችሁ ቀስ እያላችሁ አፍስሱ። ድስቱ ከግማሽ ብዙ አይለፍ፤ ሽሮ ይረጫል።
5. ሊበቃው ትንሽ ሲቀረው አጥፉ። ሸክላ ሙቀት ስለሚይዝ ለደቂቃዎች መንተክተኩን ይቀጥላል። ይህን ያላሰበ ሰው ነው ሥሩን የሚያሳርረው።
6. ማቶት ወይም እንጨት ላይ አስቀምጡ። እርጥብ እምነበረድ ወይም ሴራሚክ ላይ ብታስቀምጡት፣ ቂጡ ሲቀዘቅዝ ግድግዳው እንደጋለ ይቀራል፤ ያን ጊዜ ይከፈላል።

## ሲበላሽ

ውጩ ላብ ያወጣል። ገና አልጠገበም። ደረጃ 4 ውስጥ ቁጥር 4ን እና 5ን ድገሙ። ከሁለተኛው በኋላም የሚንጠባጠብ ከሆነ ስንጥቅ ነው።

ጭረት የመሰለ ስንጥቅ ታየ። ዳግም አንኳኩት። ድምፁ ጥርት ካለ የላይኛው ቆዳ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ በዝቅተኛ እሳት ቀጥሉ። ድፍን ካለ አቁሙ፤ የፈላ ወጥ እግር ላይ ሊፈስ ይችላል። በሲሚንቶ ወይም በኢፖክሲ አትጠግኑት።

አረረ። በሽቦ አትፈግፍጉ፤ ያሟሻችሁትን ትልጡታላችሁ። ሙቅ ውኃና አንድ ማንኪያ ጨው ጨምራችሁ አሳድሩ፤ ጠዋት በእንጨት ማንኪያ ያነሡታል።

ሻገተ ወይም ሸተተ። ክዳኑ ተከድኖ ሳይደርቅ ተቀምጧል። በፈላ ውኃ ሳይሆን በለብታ አጥባችሁ ሙሉ ቀን ፀሐይ ላይ አውሉት፤ ከዚያ በቀዝቃዛ ኦቨን ጀምራችሁ 120 ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት አድርቁ። ሁልጊዜም ሳትከድኑ አስቀምጡ።

ዕቃው አጠራጣሪ ሆኖ ተገኘ። ለጎረቤት አትስጡ፤ ችግሩን ወደ ሌላ ሰው ልጆች ማዛወር ነው። ቂጡን ብሱና አበባ ትከሉበት፤ ወይም «ለምግብ አይሆንም» ብላችሁ ጻፉበት።

## ለወራት ስትበሉበት ከነበረ

በተለይ ነፍሰ ጡር ወይም ትንሽ ልጅ ቤት ካለ፣ ዕቃውን ዛሬውኑ አቁማችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው ትንንሽ ልጆች ከገባባቸው እርሳስ ከአዋቂ ከ4 እስከ 5 እጥፍ ያህል ሰውነታቸው ይወስዳል። ምልክት እስኪታይ አትጠብቁ፤ ሆድ ቁርጠትና ድካም ሲመጣ ብዙ ጊዜ ቆይቷል፣ በልጅ ላይ ደግሞ ምንም ላይታይ ይችላል።

የምትጠይቁት «የደም እርሳስ ምርመራ» ነው። ከጣት የተወሰደው ናሙና ከፍ ካለ፣ ቆዳ ላይ ያለ ቆሻሻ አሳስቶ ሊሆን ስለሚችል ከደም ሥር እንዲደገም ጠይቁ። አሜሪካ ውስጥ ለልጆች ክትትል የሚጀመርበት መለኪያ በዴሲሊትር 3.5 ማይክሮግራም ነው። ዕቃውን ወይም ፎቶውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ከዕቃው በተጨማሪ ስለ ቅመም፣ ስለ ኩልና ስለ ቤቱ አሮጌ ቀለም ሊጠይቋችሁ ስለሚችሉ አስባችሁበት ግቡ። ደም ውስጥ ያለው እርሳስ ምንጩ ሲቋረጥ በአንድ ወር ገደማ ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ በረጅም ጊዜ አጥንት ውስጥ የተከማቸ ከሆነ ግን አወራረዱ ይዘገያል። ስለዚህ ሐኪሙ በሚወስነው ቀን ምርመራው ይደገም። ቁጥሩ ፈቀቅ ካላለ፣ ካስወገዳችሁት ዕቃ ሌላ ምንጭ ቤት ውስጥ ሊኖር ይችላልና ፍለጋውን ከሐኪሙ ጋር ቀጥሉ።